ሌዋዊው አምሳ ዓመት ሲሞላው

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ጡረታ የወጡ አባቶችና እናቶች የሚያነሡት ቅሬታ የገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም። ስልካቸው መጮኽ ያቆማል። ዕድሜ ልካቸውን የገቡበት መሥሪያ ቤት በር ላይ አዲሱ ጥበቃ "አባት፣ መታወቂያ?" ይላቸዋል። ቤት ውስጥም ሁሉም የየራሱን ይዞ ሲሮጥ እሳቸው ከሶፋው ወደ በረንዳው፣ ከበረንዳው ወደ ሶፋው ይመላለሳሉ። "ኖርሁ አልኖርሁ ለማን ምን ይጎድላል?" የሚለው ሐሳብ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። መዝሙረኛውም "ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ" ብሎ ለምኗል (መዝ. 71፥9)።

ብዙዎቻችን ልብ ሳንል የምናልፈው የጡረታ ሕግ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 8 መጨረሻ ላይ አለ። ሌዋዊ በ25 ዓመቱ ወደ መገናኛው ድንኳን አገልግሎት ይገባል፤ 50 ሲሞላው ከሥራው ይወጣል። ምክንያቱን ለመረዳት ሸክሙን ማየት ነው። ከሌዋውያን ወገን የሆኑት የሜራሪ ልጆች ድርሻ የድንኳኑ 48 ሳንቃዎች ነበሩ፤ የእያንዳንዱ ርዝመት 10 ክንድ ነው። ከሳንቃዎቹና ከመጋረጃው ምሰሶዎች ሥር የሚቆሙት የብር እግሮች ደግሞ 100 ሲሆኑ እያንዳንዳቸው አንድ መክሊት፣ ማለትም ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። አራት ሰረገላና ስምንት በሬ ተሰጥቷቸዋል፤ ነገር ግን ሕዝቡ በተነሣ ቁጥር ነቅሎ የሚጭነው፣ በሰፈረ ቁጥር አውርዶ የሚተክለው የሰው ክንድ ነው። በዚያ ላይ ሌዋዊ እንደ ሌሎቹ ነገዶች የርስት መሬት የለውም። "እርሻዬን ልያዝ" ብሎ የሚሄድበት ስለሌለ ከአገልግሎቱ ሲወጣ ባዶ እጁን የሚቀር ይመስላል።

እግዚአብሔር ግን እዚያ ላይ አላቆመም። በቁጥር 26 ጡረተኛው በመገናኛው ድንኳን ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ይጠብቅ፣ ይርዳ፤ የሸክሙን ሥራ ግን አይሥራ ይላል። ሸክሙ ከትከሻው ወረደ፣ ጥበቃው ግን አልተወሰደበትም። ሳንቃውን በየእግሩ ላይ ለዓመታት የተከለ ሰው፣ ወጣቶቹ ሲሳሳቱ ከሩቅ ያውቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት አያለሁ። አንዳንዱ ጥበቃውን ትቶ ሸክሙን መልሱልኝ ይላል፤ በዕድርም በሰበካ ጉባኤም ወንበር ይዞ አይለቅም። ሌላው ደግሞ የክብር ቦታ ሲሰጡት ሥራ የተሰጠው ይመስለዋል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የሚያደርጉት ሰዎች አክብሮት መስሏቸው ነው።

በገንዘብ ሥራ ጡረታ የወጡ አንድ አባት እንዲህ ሆነው ነበር። የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ የክብር አባል ተባሉ፤ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ሻይ ይቀርብላቸዋል፣ የሚጠይቃቸው ግን የለም። አንድ ቀን ቢቀሩ ማንም አላወቀም። በኋላ የሰበካ ጉባኤው ወጣት ገንዘብ ያዥ የወሩ ሒሳብ አልገጥም ብሎት ሲጨነቅ አገኙት። የደረሰኝ ቀሪዎቹ ድምር 18,400 ብር፣ ወደ ባንክ የገባው 16,900። ልጁ 1,500 ብሩን ከኪሱ ሊተካ ነበር።

እሳቸው መዝገቡን አልተቀበሉትም። ቀሪዎቹንና የባንክ ደረሰኞቹን ጎን ለጎን በቀን በቀን እንዲደረድር ብቻ ነገሩት። ሲደረድር የወሩ የመጨረሻ እሑድ ላይ የተቆረጡ ሦስት የ500 ብር ደረሰኞች ወጡ፤ ገንዘቡ ባንክ የገባው ሰኞ፣ በአዲሱ ወር ነው። የጠፋ ነገር አልነበረም። ከኪሱ ቢተካው ኖሮ ግን በሚቀጥለው ወር 1,500 ብር ትርፍ ይታይና ማንም መነሻውን አያገኘውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ ቁጥር ልጁ ራሱ "ጋሼ፣ ሳይዘጋ አንድ ጊዜ ይዩልኝ" ይላል። ቢታመሙ ሒሳቡ እሳቸውን ይጠብቃል።

የዕዝራ ምዕራፍ 8 ነገርም ይኸው ነው፤ ለቤተ መቅደሱ የተሰጠው ብርና ወርቅ ሲነሡ ተመዝኖ ለካህናቱ ተሰጠ፣ ኢየሩሳሌም ሲደርሱ ደግሞ በቁጥርና በሚዛን ተረከቡት፣ ሚዛኑም ተጻፈ። ሚዛኑን ማየት ጉልበት አይጠይቅም፤ ዓይንና ታማኝነት ይጠይቃል።

የጡረታ አበሉ አልበቃ ብሎት ደመወዝ የሚፈልግ ሰው ቢኖር ይህ ትምህርት መልሱ አይደለም፤ ሥራ ይፈልግ፣ ነውርም የለበትም። የምናገረው ዳቦው እያለ ቀኑ ባዶ ለሆነበት ነው። ለእሱ የምለው፦ የክብር ጥሪ አትጠብቅ። ድሮ አንተ የተሸከምከውን ዓይነት ሸክም ዛሬ የተሸከመውን ወጣት ፈልግ፣ ነርስ ከነበርሽ በሽተኛ የምታስታምመዋን፣ አስተማሪ ከነበርክ የሰንበት ትምህርት ቤቱን መምህር። "እንዴት መሥራት እንዳለብህ ልንገርህ" አትበለው። "የቱ ጋ ነው የሚያጠራጥርህ?" በለው፤ ከዚያ መልሱን እስኪጨርስ ዝም በል። መጀመሪያ ላይ "ምንም የለም" ሊልህ ይችላል። ያን ጊዜ አትቀየመው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ሂድ።