የሞተር ዘይት ውፍረትና ሙቀት፦ 15W-40 የሚለው ቁጥር ምን ይነግረናል?

የሞተር ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ይህን የማያውቅ ሹፌር የለም። ወሬው የሚዛባው በዘይቱ መያዣ ላይ የታተመው ቁጥር ሲነሳ ነው። በየጋራዡና በየመለዋወጫ መደብሩ 15W-40 «ሲቀዘቅዝ ቀጭን፣ ሲሞቅ ወፍራም የሚሆን ዘይት» ተብሎ ሲገለጽ መስማት የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ የሞተር ዘይት የለም። 15W-40 የተጻፈበት ዘይትም እንደማንኛውም ዘይት በሙቀት ይቀጥናል፤ ልዩነቱ የሚቀጥንበት መጠን ነጠላ ቁጥር ካላቸው ዘይቶች ያነሰ መሆኑ ብቻ ነው።

የዘይት ውፍረት፣ በሙያው አጠራር ቪስኮሲቲ፣ ፈሳሹ እንዳይፈስ የሚያሳየው እምቢታ ነው። አለካኩ ቀላልና የቆየ ነው። ዘይቱ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ይጨመራል፤ ቱቦው ሙቀቱ በትክክል 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ በተያዘ ፈሳሽ ውስጥ ይቆማል፤ ከዚያም ዘይቱ በራሱ ክብደት ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ በሰከንድ ይቆጠራል። ጊዜው በቱቦው መለያ ቁጥር ሲባዛ ውጤቱ በሴንቲስቶክ ይገኛል። ለማነጻጸር ያህል፣ በ20 ዲግሪ ያለ ውሃ ውፍረቱ 1 ሴንቲስቶክ አካባቢ ነው።

ሙቀት ዘይትን የሚያቀጥነው ረጃጅሞቹን የዘይት ሞለኪውሎች ስለሚያነቃቃቸው ነው። ብርድ ሲሆን እርስ በርስ ተሳስበው ይያያዛሉ፤ ሲሞቁ አንዱ በሌላው ላይ ማለፍ ይቀላቸዋል። ለውጡ ግን በእኩል እርምጃ የሚሄድ አይደለም። ከ10 ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ ዘይቱ በብዙ እጥፍ ይቀጥናል፤ ከ100 ወደ 130 ዲግሪ ሲወጣ ግን ወደ ግማሽ ገደማ ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ ትልቁ ልዩነት የሚታየው በቀዝቃዛው በኩል ነው፤ በመያዣው ላይ ሁለት ቁጥር እንዲኖር ያስገደደውም ይኸው ነው።

ቁጥሮቹን የሚደነግገው የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ነው፤ በመያዣው ላይ ኤስኤኢ የሚለው ምሕጻር የእርሱ ነው። ማኅበሩ የመጀመሪያውን የዘይት ውፍረት ምደባ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1911 ሲሆን፣ ዛሬ የሚሠራበት የተሻሻለ ሰንጠረዥ ጄ300 ይባላል። በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ የኋለኛው ቁጥር፣ ማለትም 40፣ የ40 ሴንቲስቶክ ወይም የ40 ዲግሪ ምልክት አይደለም። የአንድ መደብ ስም ነው። በ100 ዲግሪ ሲለካ ከ12.5 ጀምሮ ከ16.3 ሴንቲስቶክ በታች የሆነ ዘይት ሁሉ «40» ይባላል። «30» ከ9.3 እስከ 12.5፣ «50» ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ይይዛል። በዚህ ምክንያት 12.6 የሚለካ ዘይትና 16.2 የሚለካ ዘይት አንድ ዓይነት ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ጎን ለጎን ሊሸጡ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ግን ከሁለተኛው ይልቅ ለ«30» ይቀርባል።

የፊተኛው ቁጥርና W ስለ ብርድ የሚናገሩ ናቸው፤ ፊደሉም የእንግሊዝኛው «ክረምት» መነሻ ነው። እዚህ የሚለካው ሌላ ነገር ነው። በአንደኛው ፈተና የቀዘቀዘ ዘይት ሞተሪኖው ሞተሩን ለማዞር ምን ያህል እንደሚያስቸግረው ይታያል። በሁለተኛው ዘይቱ ለረጅም ሰዓታት ቀስ እየተባለ ከቀዘቀዘ በኋላ የዘይት ፓምፑ ሊስበው መቻሉ ይፈተሻል። የመጀመሪያው ፈተና በስንት ዲግሪ እንደሚደረግ ለማወቅ ከፊተኛው ቁጥር 35 መቀነስ ይበቃል፤ 15W በ−20፣ 5W በ−30፣ 20W በ−15 ዲግሪ ይፈተናሉ። ሁለተኛው ፈተና ከዚያ በ5 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይደረጋል። እንግዲህ 15W ማለት «እስከ 15 ዲግሪ ይሠራል» ማለት አይደለም።

ይህን ይዘን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ መኪናው ውጭ ካደረ የሞተሩ ዘይት 10 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል እንበል። ሦስት ዘይቶችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው ነጠላ ቁጥር ያለው ኤስኤኢ 40 ሲሆን በ40 ዲግሪ 145፣ በ100 ዲግሪ 14.5 ሴንቲስቶክ ነው። ሁለተኛው 15W-40 በ40 ዲግሪ 108፣ በ100 ዲግሪ ያው 14.5 ነው። ሦስተኛው 5W-30 ሲሆን 61 እና 10.5 ነው። ሦስቱም በየመደባቸው የተለመዱ ልኬቶች ናቸው። የሁለት ሙቀቶች ልኬት ከታወቀ ሌላው በታወቀው የዘርፉ ቀመር ሊሰላ ይችላል። በ10 ዲግሪ ሲሰላ ነጠላው 40 ወደ 1,150፣ 15W-40 ወደ 600፣ 5W-30 ወደ 270 ሴንቲስቶክ ይሆናሉ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ «ሲቀዘቅዝ ቀጭን» የተባለው 15W-40 በማለዳው 600 ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ከሚኖረው 14.5 ጋር ሲተያይ ከአርባ እጥፍ በላይ ወፍራም ነው። ቀጭን የሚባለው ከነጠላው 40 ጋር ሲወዳደር ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሦስቱም በአዲስ አበባ ብርድ ሞተር ያስነሣሉ። የ15W ፈተና ከዚህ በ30 ዲግሪ ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ «ለአገራችን አየር 5W ብቻ ነው የሚያስነሣው» የሚል ሻጭ ካጋጠመ ማመን አያስፈልግም። የፊተኛው ቁጥር እዚህ የሚለውጠው ዘይቱ ከታች ተነሥቶ የሞተሩ ራስ ላይ ለመድረስ የሚፈጅበትን ጊዜና እስኪሞቅ ድረስ የሚባክነውን ነዳጅ ነው። በየቀኑ አጭር መንገድ እየሄደ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ለሚቆም መኪና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጭኖ ቀኑን ሙሉ ለሚሄድ ከባድ መኪና ግን እምብዛም አይታወቅም።

ያው የጭነት መኪና አሁን በአዋሽና በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ ይውረድ። ብዙ ሹፌሮች «ቆላ ስለምወርድ ወፍራም ዘይት ያስፈልገኛል» ይላሉ። ከፊል እውነት አለው። የውጭው አየር በ30 ዲግሪ ቢጨምርም የዘይቱ ሙቀት በዚያው ልክ አይጨምርም፤ ቴርሞስታቱ የራዲያተሩን ውሃ በተወሰነ ሙቀት ላይ ስለሚይዘው። ዘይቱን ይበልጥ የሚያሞቀው ጭነት ነው፤ ዳገት፣ ሙሉ ጭነትና ዝቅተኛ ማርሽ ሲገጥሙ ዘይቱ 120ና 130 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በ130 ዲግሪ ነጠላው 40 ወደ 7.3፣ 15W-40 ወደ 7.8፣ 5W-30 ወደ 6 ሴንቲስቶክ ይወርዳሉ። የቀጠነ ዘይት የሚያሰጋው በሚሽከረከረው ኮሎና እርሱን በተሸከመው ብሮንዚና መካከል ያለውን ከጸጉር እጅግ የሳሳ የዘይት ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ሲሳሳ ብረት ብረትን መንካት ይጀምራል።

እዚህ ላይ አንድ የተደበቀ ጉዳይ አለ። 15W-40 ከነጠላው 40 በትኩሱ በኩል ጥቂት የበለጠው በተጨመረበት ፖሊመር ምክንያት ነው። ይህ ፖሊመር በብርድ እንደ ክር ኳስ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ሲሞቅ ይዘረጋና ዘይቱ እንደ ልቡ እንዳይቀጥን ይይዘዋል። ነገር ግን በብሮንዚናው ጠባብ ክፍተት ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት ሲፈጭ ክሩ ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ ይጋደማል፣ ዘይቱም ለጊዜው ይቀጥናል። በመስታወት ቱቦ ውስጥ ዝም ብሎ የሚወርድ ዘይት ይህን አያሳይም። ስለዚህ ሰንጠረዡ በ150 ዲግሪና በከፍተኛ ፍጭት የሚደረግ ሌላ ፈተና ጨምሯል፤ 15W-40 በዚህ ፈተና በሌላ የውፍረት መለኪያ ከ3.7 ሚሊፓስካል-ሰከንድ፣ 5W-30 ደግሞ ከ2.9 መውረድ የለባቸውም። ለከባድ ናፍጣ ሞተር ዘይት የሚመርጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው ይህን ቁጥር ይመስለኛል፤ በመያዣው ላይ ግን አይጻፍም፣ በአምራቹ የምርት መግለጫ ውስጥ ነው የሚገኘው።

ወፍራም ሁልጊዜ ይጠብቃል የሚለውም ልክ አይደለም። በአዳዲስ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች ክፍተቱም የዘይት መተላለፊያውም ለ0W-20 ወይም ለ5W-30 የተሠራ ሲሆን 20W-50 ሲገባበት ዘይቱ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ነዳጅም ይጨምራል። በማለዳ የዘይት ግፊት መለኪያው ከፍ ብሎ መታየቱ ለብዙዎች የጤና ምልክት ይመስላቸዋል። ወፍራም ዘይት መንገዱ ሲጠብበው ግፊቱ ይወጣል፤ ትርፉም በመቆጣጠሪያው ቫልቭ በኩል ይመለሳል እንጂ ወደ ብሮንዚናው አይደርስም። የፒስተን ፋሻው ያለቀ ሞተር ዘይት ሲበላ 20W-50 መጨመር ደግሞ ጭሱን ለጊዜው ይቀንስ ይሆናል እንጂ ፋሻውን አያድነውም። ምርጫውን የሚወስነው ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ የውጭውን ሙቀት ከዘይቱ ቁጥር ጋር የሚያገናኝ ሰንጠረዥ አለ፤ ለአንድ ሞተር በተለያዩ ገበያዎች የተለያየ ሰንጠረዥ ሊወጣለት ስለሚችል መኪናው ከየት እንደመጣ ማየትም ይጠቅማል።

የካምቢዮ ዘይት ቁጥርም ሰዎችን ያደናግራል። 80W-90 ከ15W-40 በእጥፍ የወፈረ አይደለም፤ የሚመደበው በሌላ ሰንጠረዥ ነው። የካምቢዮው «90» በ100 ዲግሪ ከ13.5 ጀምሮ ከ18.5 በታች ስለሆነ ከሞተር ዘይቱ «40» እና «50» ጋር ይቀራረባል።

ውፍረቱ በሥራ ላይ እያለም ይለወጣል። ጥቀርሻና በሙቀት መበላሸት ያወፍሩታል፤ የፖሊመሩ ክር መቆራረጥና የሚገባበት ነዳጅ ያቀጥኑታል። መለኪያ ዘንጉን አውጥቶ በጣት ማሸት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የጣት ስሜት በሙቀቱ ይታለላል፣ ትኩስ ዘይት ሁሉ ቀጭን ነውና። በቤተ ሙከራ ሲለካ 14.5 የነበረ 15W-40 በ100 ዲግሪ 11.8 ሆኖ ከተገኘ ወደ «30» መደብ ወርዷል ማለት ነው። ቀጣዩ ጥያቄ ምን አቀጠነው የሚለው ነው። ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ ተኑ በእሳት የሚያያዝበት ሙቀት ከአዲሱ ዘይት ዝቅ ብሎ ከተገኘ የተቀላቀለ ነዳጅ አለ፤ ኢንጀክተሮቹ መፈተሽ አለባቸው። ያ ሙቀት ካልተለወጠ ግን የተቆራረጠው ፖሊመሩ ነው፤ ዘይቱን መቀየር፣ በሚቀጥለውም ክሩ በቀላሉ የማይቆራረጥ ዘይት መምረጥ ይበቃል።