ጥገናና ካፌ እርስ በርስ ሲገለገሉ ወጪው እንዴት ይከፋፈላል?

በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ወጪ 90,000 ብር፣ የሠራተኛ ካፌው 40,000 ብር ነው እንበል። ጥገና ከሥራው 10% ለካፌው ይሰጣል፤ ካፌው ደግሞ 20% ለጥገና። ቀሪው ለማምረቻ ክፍሎች ነው።

በደረጃ በደረጃው ዘዴ ጥገና ቀድሞ ያካፍላል። ካፌው 9,000 ይደርሰውና ወጪው 49,000 ይሆናል። ጥገና ግን ተዘግቷል፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 49,000ው መካፈል ያለበት ለ100 ሳይሆን ለቀሪው 80 ነው። አለዚያ 9,800 ብር ሜዳ ላይ ይቀራል።

የእርስ በርሱ ዘዴ ሁለቱንም አቅጣጫ ያያል፦

```
ጥ = 90,000 + 0.2 × ካ
ካ = 40,000 + 0.1 × ጥ
```

ጥ 100,000፣ ካ 50,000 ይወጣል። ድምሩ ከ130,000 በለጠ ብላችሁ አትደንግጡ። ማምረቻው የሚወስደው የጥገናን 90%ና የካፌውን 80%፣ ማለትም 90,000 እና 40,000 ብቻ ነው።