አንድ የግዢ ትዕዛዝ፣ ብዙ ጭነት፦ ስለ ቀሪው መጠን የምሰማቸው ስህተቶች

«ዕቃው በሦስት ዙር ስለሚላክ ትዕዛዙን ሦስት ቦታ እንክፈለው።»

አያስፈልግም። ገዢው የሰጠው የትዕዛዝ ቁጥር አንድ ነው፤ በሁሉም ኢንቮይስ ላይ ያው ቁጥር ይጻፋል። የሚለያዩት የኢንቮይሱና የመላኪያ ሰነዱ ቁጥሮች ናቸው።

«የማጓጓዣውን ሂሳብ በየኢንቮይሱ ላይ እጽፈዋለሁ።»

ለጠቅላላው ትዕዛዝ አንድ ሂሳብ ከተስማማችሁ ወይ አንድ ጊዜ ይጠየቃል፣ ወይ ይከፋፈላል። ሙሉው መደገም የለበትም።

«የተላከውን ከትዕዛዙ ላይ እየቀነስኩ ቁጥሩን አስተካክለዋለሁ። የሚተርፈው ያው ቀሪው ነው።»

ይሄን ስሰማ ትዕግስቴ ያልቃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይሠራል፤ ዕቃ እስኪመለስ ድረስ ችግሩ አይታይም።

ትዕዛዙ የ1,000 አምፖል ነው እንበል። መጀመሪያ 400 ተላከ፤ ሠራተኛው 1,000 የሚለውን አጥፍቶ 600 ጻፈ። ቀጥሎ 350 ተላከ፤ 250 ጻፈ። ለሁለቱም ጭነቶች ኢንቮይስ ወጣ፣ በድምሩ የ750። ከሁለተኛው ጭነት ግን 20ው ተሰብረው ስለደረሱ ተመለሱ። ገዢው ምትክ ይፈልጋል። አሁን መላክ ያለበት ስንት ነው? ፋይሉ 250 ይላል። ትክክለኛው 270 ነው።

በፋይሉ አምነው 250 ቢልኩና ኢንቮይስ ቢያወጡ ገዢው እጅ 980 አምፖል ይኖራል፤ የተጠየቀው ክፍያ ግን የ1,000 ነው። የገዢው ሂሳብ ክፍል ደግሞ ትዕዛዙን፣ የዕቃ መረከቢያውንና ኢንቮይሱን ጎን ለጎን አድርጎ ያስተያያል። መጠኑ ካልገጠመ ክፍያው ይያዛል። ያኔ ልዩነቱ ከየትኛው ጭነት እንደመጣ ልፈልግ ብትሉ የመጀመሪያው ቁጥር ጠፍቷል።

እኔም እንዲህ ዓይነት ፋይል ተረክቤ አውቃለሁ። ከዕቃው ስም ፊት አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የመላኪያ ሰነዶችን ከካርቶን እያወጣሁ አንድ በአንድ ስደምር ሁለት ቀን ሄደብኝ። የጎደለው የአንድ ተመላሽ ዕቃ ምዝገባ ነበር።

ስለዚህ የታዘዘው መጠን አይነካ። አጠገቡ የተላከው፣ የተመለሰው፣ ኢንቮይስ የወጣለትና በክሬዲት ኖት የተቀነሰው ለየብቻ ይመዝገቡ። በኤክሴል ከB እስከ F ባሉት ዓምዶች በዚሁ ቅደም ተከተል ካስቀመጣችኋቸው ሁለት ቀሪዎችን ታወጣላችሁ። የመጀመሪያው ገና መላክ ያለበት ነው፤ ሁለተኛው ገዢው እጅ ያለ፣ ግን ኢንቮይስ ያልወጣለት።

```
=B2-C2+D2
=C2-D2-(E2-F2)
```

በአምፖሎቹ እንሞክረው። ከሦስተኛው ጭነት በፊት 1,000 ታዟል፣ 750 ተልኳል፣ 20 ተመልሷል። ለመላክ የቀረው 270 ይወጣል። ኢንቮይሱ የ750 ሆኖ ክሬዲት ኖት ገና ካልተሠራ ሁለተኛው ቀመር -20 ያሳያል። ኔጌቲቭ ቁጥር ካያችሁ ገዢው እጅ ለሌለ ዕቃ ገንዘብ ጠይቃችኋል ማለት ነው። የ20ውን ክሬዲት ኖት ስታወጡ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ 270 ትልካላችሁ፣ የ270 ኢንቮይስ ታወጣላችሁ፤ ሁለቱም ቀሪዎች ዜሮ ይገባሉ። የሁለተኛው ቀመር ቁጥር ፖዘቲቭ ሆኖ ከቆየ ደግሞ ዕቃው ሄዷል፣ ኢንቮይሱ ተረስቷል። ሁለቱን ቀሪዎች አንድ አድርጎ የሚይዝ ሰው ይሄን ሊያይ አይችልም።

አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ ትዕዛዝ ውስጥ ብዙ ዓይነት ዕቃ ካለ ስሌቱ ለእያንዳንዱ መስመር ለብቻው ይሠራ። የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናልና የሁሉም ድምር አያስተማምንም።

«የቀረችው ትንሽ ናት፤ ትዕዛዙ በራሱ ይዘጋል።»

አይዘጋም። ገዢው የተሰበሩትን 20 አምፖሎች «ተዉት፣ ምትክ አልፈልግም» ካለ ፋይሉ ላይ 20 እንደቀረ ይኖራል። ከወራት በኋላ አዲስ ሠራተኛ አይቶ ይልከዋል። ገዢው መተዉን በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ። ከዚያ «የተሰረዘ» የሚል ዓምድ ጨምሩ፤ 20ውን እዚያ ጽፉና ከመጀመሪያው ቀመር ላይ ቀንሱት። ቀኑንና ማን እንደፈቀደም አብራችሁ መዝግቡ። ቀሪው ዜሮ እንዲመጣ ብላችሁ ግን 1,000ን 980 አታድርጉት፤ የገዢው ሰነድ ላይ የተጻፈው አሁንም 1,000 ነው።