«በሰዓት 60 ዶላር ከከፈሉኝ ምን ጎደለኝ?» እና ሌሎች የግማሽ ጡረታ ስህተቶች

«ደሞዜ ሲካፈል በሰዓት 58 ዶላር ነው። አማካሪ ሆኜ 60 ከከፈሉኝ ምን ጎደለኝ?»

ብዙ ነው የሚጎድለው። ቨርጂኒያ ውስጥ የሐበሻን ታክስ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ቋሚ ሥራቸውን ትተው በማማከርና በቁጠባ ለመኖር ከሚያስቡ ሰዎች ይህን ጥያቄ በየዓመቱ እሰማለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሰውየው ውሉን ከፈረመ በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር ያናድደኛል። ሠላሳ ዓመት የለፋ ሰው ራሱን በርካሽ ሸጦ ይመጣል።

ቋሚ ሠራተኛ ሳሉ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከሚከፈለው 15.3 በመቶ ግማሹን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ብቻዎን ሲሠሩ ሁለቱም ግማሽ የእርስዎ ነው። የዓመት ዕረፍትም ሆነ የታመሙበት ቀን አይከፈልም። የጤና ኢንሹራንሱ ከኪስ ነው። አሠሪው ፎር ኦ ዋን ኬዎ ላይ ይጨምርልዎት የነበረውም ይቀራል። ደረሰኝ ለመላክ፣ ስልክ ለመመለስ፣ «ክፍያዬ የት ደረሰ?» ለማለት የሚያጠፉትን ሰዓት ደግሞ ማንም አይከፍልዎትም።

አንዲት እህታችንን ልጥቀስ። 60 ዓመቷ ነው፣ የዳታቤዝ ባለሙያ ናት፣ ብቻዋን ትኖራለች። የቤቷን ዕዳ ጨርሳለች። በዓመት 60,000 ዶላር ታወጣለች። ከዚህ 20,000ውን ከቁጠባዋ፣ 40,000ውን ከማማከር ልታገኝ አሰበች። የድሮ መሥሪያ ቤቷ በሰዓት 60 ዶላር፣ በሳምንት 20 ሰዓት አቀረበላት።

ቁጭ ብለን አሰላን። በዓመት 48 ሳምንት ብትሠራ 960 ሰዓት ነው፤ 57,600 ዶላር ይሆናል። ለሙያ ኢንሹራንስ፣ ለኮምፒውተርና ለሶፍትዌር 3,600 ስንቀንስ 54,000 ቀረ። የግል ሥራ ታክሱ ወደ 7,600 ነው። የፌደራልና የቨርጂኒያ የገቢ ግብር አንድ ላይ 5,000 ገደማ። እጇ የሚገባው 41,000 ዶላር ብቻ ሆነ። ያ እንኳ አንድም ሳምንት ሥራ ካልተቋረጠ ነው።

ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች። «ታዲያ ምን ጡረታ ወጣሁ? ግማሽ ቀን መሥራት ነው እንጂ» አለችኝ።

እኔ ለሰው የምሰጠው መነሻ ቀላል ነው። የድሮውን የሰዓት ደሞዝ በአንድ ተኩል ያባዙት። የእሷ 87 ዶላር ይመጣል። «እምቢ ቢሉኝስ?» ብላ ፈራች። ያንን ሲስተም ከእሷ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም፤ እሱን አስታወስኳት። 90 ጠየቀች፣ በ85 ተስማሙ። ያው 57,600 ዶላር አሁን 678 ሰዓት ሆነ፤ በሳምንት 14 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ሳምንቱ ሁለት ቀን ሆነላት።

«የወጪዬ 25 እጥፍ ሳይጠራቀም ከሥራ መውጣት እብደት ነው።»

ያ ስሌት የሚሠራው ዕድሜ ልኩን ከቁጠባ በቀር ሌላ ገቢ ለሌለው ሰው ነው። በእሱ ከሄድን እህታችን 1.5 ሚሊዮን ያስፈልጋት ነበር። ያላት 800,000 ነው። ነገር ግን 67 ሲሞላት ከሶሻል ሴኩሪቲ በዓመት 30,000 ታገኛለች። ከዚያ በኋላ ቁጠባው መሸፈን ያለበት ቀሪውን 30,000 ብቻ ነው፤ 25 እጥፉ 750,000 ይሆናል። ስለዚህ የቸገራት የዕድሜ ልክ ወጪዋ ሳይሆን እስከዚያ የሚያሻግራት የሰባት ዓመት ድልድይ ነው።

ሰባቱን ዓመት እንዲህ ነው የከፈልነው። ከ800,000ው 150,000 ያህሉ ታክስ የተከፈለበት የባንክ ገንዘብ ነው። በየዓመቱ 20,000 የምታወጣው ከዚህ ነው። ቀሪው 650,000 ሳይነካ ይቀመጣል። ከዋጋ ንረት በላይ በዓመት 2 በመቶ ብቻ ቢያድግ በሰባት ዓመት 747,000 ገደማ ይደርሳል። ምንም ባያድግስ? 650,000 ለ25 ሲካፈል በዓመት 26,000 ይሰጣል፤ 4,000 ይጎድላታል። ያንን ጉድለት ከወጪዋ መቀነስ ወይም አንድ ዓመት ጨምራ ጥቂት መሥራት ትችላለች። ዋናው ነገር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገበያው ቢወድቅ አክሲዮኗን በወደቀ ዋጋ ለመሸጥ አትገደድም።

«ከፎር ኦ ዋን ኬዬ ባወጣ ምን ልዩነት አለው? ያው የእኔ ገንዘብ ነው።»

ልዩነቱ የሚታየው በጤና ኢንሹራንሱ ላይ ነው። ከ65 ዓመት በፊት ሜዲኬር የለም። ስለዚህ እህታችን የጤና ኢንሹራንሱን ከመንግሥት የኢንሹራንስ ገበያ ትገዛለች። በ60 ዓመት ያለ ድጎማ በወር ከ1,000 ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። ለ2026 ሽፋን ድጎማው ብቻውን ለሚኖር ሰው 62,600 ዶላር ገቢ ላይ ይቆማል። በአንድ ዶላር ቢያልፉት ሙሉው ይቀራል። የማማከር ገቢዋ ለዚህ ስሌት ወደ 50,000 ነው። 20,000ውን ከፎር ኦ ዋን ኬ ብታወጣ ገቢዋ 70,000 ይሆን ነበር። ከባንክ ስታወጣ ግን ገቢ ተብሎ አይቆጠርም። የባንኩን ገንዘብ ለድልድዩ ያስቀመጥነው ለዚህም ጭምር ነው። በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ ትደውልልኛለች፤ የዓመቱን ገቢ አብረን እንደምራለን። ወደ ጣሪያው ከተጠጋች ለጡረታ አካውንት ጥቂት አስገብታ ትቀንሰዋለች፣ ወይም የዲሴምበሩን ሥራ ወደ ጃንዋሪ ትገፋዋለች።

«62 ሲሞላኝ ሶሻል ሴኩሪቲዬን እጀምራለሁ፤ ጎን ለጎን እሠራለሁ።»

እሷም ይህን ጠይቃኝ ነበር። በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሰው በ62 መጀመር ወርሃዊ ክፍያውን በ30 በመቶ ይቀንሰዋል። በዚያ ላይ ሙሉ የጡረታ ዕድሜ ሳይደርሱ የሚሠሩ ከሆነ፣ በ2026 ከ24,480 ዶላር በላይ ላገኙት ለእያንዳንዱ 2 ዶላር 1 ዶላር ይይዙብዎታል። የተያዘው ጠፍቶ አይቀርም፤ 67 ሲሞላዎት ክፍያዎ እንደገና ተሰልቶ ከፍ ይላል። ግን ድልድይ የሚያስፈልገው አሁን ነው። እንደ እሷ ለሚሠራ ሰው የ62ቱ ገንዘብ አብዛኛው በሚፈለግበት ሰዓት የለም።

«ታክሱን ኤፕሪል ላይ እከፍላለሁ።»

አይሆንም። የፌደራሉ የሚከፈለው ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 ነው፤ ካልከፈሉ ቅጣት አለው። ከእያንዳንዱ ክፍያ ሩቡን በሌላ አካውንት ያስቀምጡ።

«ደንበኛ አላጣም፤ የድሮ ቢሮዬ አለልኝ።»

እኔም እንዲህ ብዬ ነበር። የራሴን ቢሮ ስከፍት የነበረኝ ደንበኛ አንድ ድርጅት ብቻ ነበር። ውሉ ላይ «ክፍያ በ60 ቀን» የሚል አለ፤ አላስተዋልኩትም። ጃንዋሪ ላይ የሠራሁትን ማርች መጨረሻ ላይ ተቀበልኩ። በስምንተኛው ወር የክፍሉ ኃላፊ ተቀየረ። አዲሱ ሰው በሁለት መስመር ኢሜይል ውሉን አቋረጠ። ባለቤቴ ማታ ትርፍ ሰዓት እየሠራች ነው ያንን ክረምት ያለፍነው።

ስለዚህ እህታችን ውሉን ከመፈረሟ በፊት ሦስት ነገር አስጨመርናት። ክፍያው በ30 ቀን፣ ውሉን ለማቋረጥ የ60 ቀን ማስታወቂያ፣ ለሌላ ድርጅትም የመሥራት መብት። የመጨረሻውን ሊሰርዙባት ሞክረው ነበር፤ አልለቀቀችም። በሁለተኛው ዓመት አንድ ክሊኒክ በሳምንት 5 ሰዓት ወሰዳት። የድሮ ቢሮዋን ወደ 9 ሰዓት ዝቅ አደረገችው።

ድልድዩ መሳሳት መጀመሩን የምናየው በባንክ ሂሳቧ ነው። በዓመት ከ20,000 በላይ ማውጣት አልነበረባትም። ባለፈው ዓመት በስድስት ወር 14,000 ወጥቶ ነበር። የጣራ ጥገና ነው። ጁላይ ላይ ደውላ ነገረችኝ፤ እስከ ኖቬምበር በሳምንት አራት ሰዓት ጨመረች።