የልጅ ሥዕል ለኤአይ ሲላክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሥዕሉን አይቶ ልጄ ምን እንደሚሰማት ይነግረኛል»

እንበል የአራት ዓመት ልጅ ሁለት ሰው ሥላለች። አንዱ ትልቅ ክብ ጭንቅላት ነው፤ እግሮቹ ከጭንቅላቱ በቀጥታ ይወጣሉ። ሆድ የለም፣ እጅ የለም። ከጎኑ ትንሽዬ ሌላ ሰው አለ። ከላይ በጥቁር ከለር ተጭና የሞነጫጨረችው ነገር ይታያል።

«ጥቁሩ ፍርሃት ነው፣ እጅ አለመኖሩ ብቸኝነት ነው» የሚል መልስ ከኤአይ ከመጣ ጥንቆላ ነው። በሦስትና በአራት ዓመት ሰውን እንዲህ መሣል የተለመደ ነው፤ ሆዱና እጁ ቆይቶ ይመጣል። ጭንቅላቱ የገዘፈው ምናልባት መጀመሪያ ስለተሣለ ነው፤ ለቀሪው አካል ወረቀቱ አልተረፈም። ጥቁሩም ቢሆን እጇ የገባው ከለር ሊሆን ይችላል።

ለወላጅ የሚጠቅመው መልስ ያየውን ብቻ ይናገራል፦ «አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ ሰው አያለሁ። ላዩ ላይ በኃይል ተጭና የዞረችበት ጥቁር መስመር አለ። ስለሱ ምን አለች?»

«እሺ፣ ቢያንስ ምን እንደተሣለ ይለይልኝ»

ይገምታል እንጂ አይለይም፤ ችግሩ ግምቱን እንደ እውነት መናገሩ ነው። አራት እግር ያለውን ነገር «ውሻ» ይላል፤ ለልጅቷ ግን ጠረጴዛ ነው። ወላጁም ይዞት ሄዶ «ውሻሽ ሲያምር!» ይላል፤ ልጅቷ ታኮርፋለች። ስለዚህ ጥሩ መልስ ስም ከማውጣት ይልቅ ለልጅቷ የሚቀርብ ጥያቄ ያቀብላል። «ይሄ ምንድን ነው?» የፈተና ያህል ያስጨንቃል። «እስኪ ስለ ሥዕልሽ ንገሪኝ» ይሻላል። ያኔ ያ አስፈሪ ጥቁር ነገር የጎረቤት ውሻ ጩኸት ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ልጆች ድምፅም ይሥላሉ።

«"ዋው፣ ድንቅ ነው!" ካለ ይበቃል»

ለማንኛውም ሥዕል የሚሆን ሙገሳ ይቺን ሥዕል አላያትም። «ትንሹን ሰው ከትልቁ አጠገብ አድርጋዋለች» የሚለው ግን ወላጁ ልጁ ጋ ይዞት የሚሄደው ነገር ነው።

«ሥዕሉ አሳስቦኛል፤ ችግር አለ ወይስ የለም ይበለኝ»

ፍሎረንስ ጉዲናፍ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1926 እ.ኤ.አ. ልጆች ከሣሉት ሰው ተነስታ የአእምሮ ደረጃቸውን ለመለካት መስፈርት አውጥታ ነበር። ዛሬ ግን ጠንቃቃ ባለሙያ ልጁን ፊት ለፊት አስቀምጦም ቢሆን በአንድ ሥዕል አይፈርድም። ፎቶ ብቻ የሚያይ ኤአይማ ከየት አምጥቶ?

ጠቃሚው መልስ ወላጁን ከወረቀቱ ወደ ልጅቷ ይመልሰዋል። እንቅልፏ፣ አበላሏ፣ ጨዋታዋ ተቀይሯል? ለሳምንታት ከቀጠለ የልጆች ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ሰው እንደጎዳት ከተናገረች ግን ሳምንት አይጠበቅም፤ በጥያቄ ሳያጣድፉ የተናገረችውን በራሷ ቃል ጽፎ ያኔውኑ ወደ ባለሙያ መሄድ ነው።