«ፈቅዶ ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

ጎጃም ውስጥ ልቅሶ ቤት ገብቶ «እግዚአብሔር ፈቅዶ ነው» ሳይል የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። ቃሉ ለማጽናናት የሚወጣ ስለሆነ ማንም አይቀየምበትም። ነገሩ የሚበላሸው ማይክ የጨበጠ ሰው ይህንኑ አባባል ትምህርት ሲያደርገው ነው። ሰሞኑን አንድ ተናጋሪ እንዲህ ሲል ተሰማ፦ የሆነው ሁሉ እግዚአብሔር ስለ ፈቀደ ሆነ፤ ስለዚህ የሆነው ሁሉ ፈቃዱ ነው፤ ፈቃዱ ደግሞ ሁልጊዜ መልካም ነው፤ ስለዚህ ማልቀስ አያስፈልግም። ሲሰሙት የተሳካ ይመስላል። ግን ከመጀመሪያው ሐረግ ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ቃሉ ሳይታወቅ ትርጉሙን ለውጧል።

በግዕዝ ፈቀደ ማለት ወደደ፣ ሻ፣ ፈለገ ነው። ፈቃድም ውዴታ ነው። በዛሬው አማርኛ ግን ፈቀደ ስንል አልከለከለም፣ ለቀቀ ማለታችን ነው። የንግድ ፈቃድ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የዓመት ፈቃድ የሚባሉት ሁሉ በዚህ ትርጉም የቆሙ ናቸው። መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው መኪናውን ገደል ቢከተው፣ ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት መኪናው ገደል እንዲገባ ወዶ ነበር የሚል የለም። ግዕዝ ለዚህ ለሁለተኛው ነገር ሌላ ቃል አለው፦ አብሐ ይላል፣ ወይም ኀደገ፣ ተወ። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቀለላቸው። ቅኔ ቤት ይህ ኅብር ይባላል፤ አንድ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ሲሸከም። ኅብር በቅኔ ጌጥ ነው፣ በሃይማኖት ትምህርት ላይ ግን ሰው ይጥላል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ ለማየት ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 ቁጥር 23ን መክፈት ይበቃል። እግዚአብሔር «በውኑ ኃጢአተኛ ይሞት ዘንድ እፈቅዳለሁን?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም አልፈቅድም ነው። እዚህ ላይ ፈቀደን በመሥሪያ ቤት ትርጉሙ ካነበብነው ቃሉ ሐሰት ይሆናል፤ ኃጢአተኛ በየቀኑ ይሞታልና፣ አልተከለከለምና። በግዕዙ ትርጉም ስናነበው ግን ይቀናል፤ ይሞታል፣ እግዚአብሔር ግን ሞቱን አይወድም። በአንድ ቁጥር ውስጥ የማይወደው ነገር ሲሆን አየን ማለት ነው። በየዕለቱ «ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች እንዲሁ በምድር ትሁን» ብለን መጸለያችንም ይኸው ነው። የሆነው ሁሉ ፈቃዱ ከሆነ ልመናው ለምን ያስፈልጋል? ሰው የሚለምነው ገና ያልተፈጸመን ነገር ነው።

ተናጋሪው ማስረጃ አላጣም፤ «እግዚአብሔር የወደደውን ሁሉ አደረገ» የሚለውን የመዝሙር ቃል ጠቅሷል። ቃሉ እውነት ነው። ግን መዝሙሩ የወደደውን ሁሉ አደረገ አለ እንጂ የተደረገውን ሁሉ ወደደ አላለም። ገበሬ ያሰበውን እርሻ ሁሉ ዘራ ማለት፣ በማሳው ላይ የበቀለውን ሁሉ እርሱ ዘርቶታል ማለት አይደለም፤ እንክርዳዱን ማን ዘራው? (እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ «አንድም» ብሎ የሚተረጉም መምህር ያሻውን እንዲጨምር ተፈቅዶለታል ብለው የሚያስቡ አሉ። አንድም የሚባለው ከምሥጢሩና ከንባቡ ጋር የሚስማማ ብቻ ነው። የንባቡን ባለቤትና ተሳቢ ማገላበጥ አንድምታ አይባልም።)

ታዲያ የማይወደውን ለምን ይተወዋል? ሊቃውንቱ ይህን ሲያስተምሩ ከነጻ ፈቃድ ይነሣሉ፤ ሲራክም «እሳትንና ውኃን በፊትህ አኖረ፤ እጅህን ወደ ወደድኸው ስደድ» ይላል። ነገሩን ቅኔ ቤት ወስደን እንየው። ከቅኔ ሁሉ አጭሯ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ሊነግር ይቀርባል። መምህሩ ገና ከፊቱ ሲያየው እንደሚሳሳት ያውቃል። ቅኔውን ራሱ ሠርቶ ቢሰጠው ስሕተት አይኖርም፤ ባለቅኔም አይኖርም። ስለዚህ ዝም ብሎ ይሰማል። ግዕዙ፣ ግሱ፣ ዜማው ሁሉ ከመምህሩ የተገኘ ነው፤ ያለ እነርሱ ተማሪው መሳሳት እንኳ አይችልም ነበር። ሆኖም ቤቱ ሳይመታ ሲቀር ያ ስሕተት የመምህሩ ሥራ አይደለም።

ምሳሌው ሌላም ነገር ያሳያል። ቤት አለመምታት የሚባል ፊደል የለም። ቤት ያልመታው ቅኔ ውስጥ ያሉት ፊደላት ሁሉ ደህና ፊደላት ናቸው፤ የጎደለው መስማማታቸው ነው። ሊቃውንቱ ክፋት ባሕርይ የለውም፣ ፍጥረት አይደለም የሚሉት ይህን ነው። ጨለማ ብርሃን ማጣት እንደሆነ፣ ክፋትም የመልካም መጉደል ነው። «ክፋትን ማን ፈጠረ?» የሚለው ጥያቄ «ቤት አለመምታትን የትኛው ፊደል ሠራው?» ከሚለው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ኢሳይያስ 45 ላይ «ክፋትንም እፈጥራለሁ» ተብሏል የሚል ሰው ቢነሣ፣ ዐረፍተ ነገሩ ክፋትን ያነጻጸረው ከጽድቅ ጋር ሳይሆን «ደኅንነትን እሠራለሁ» ካለው ጋር መሆኑን ያስተውል። የሚናገረው ስለ መቅሠፍትና ስለ ጥፋት ነው። ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዓመት እግዚአብሔር የክፉ ምንጭ እንዳልሆነ ሲያስተምር ይህንኑ ለይቷል፦ ስለሚያመን ክፉ የምንለው ሌላ ነው፣ በባሕርዩ ክፉ የሆነው ኃጢአት ሌላ ነው።

ምሳሌው ግን እዚህ ላይ ይደክማል። የተማሪው ስሕተት የሚያሳፍረው ተማሪውን ራሱን ነው፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ አይገድልም። የዓለም ክፋት ግን ምንም ያልበደለውን ያገኛል። ነጻ ፈቃድ ብሎ ነገሩን የሚዘጋ ሰው የሚዘለው ይህን ነው።

አንድ ጉዳይ አውጥተን እንመርምር። ወሩ ሐምሌ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ ከጮቄ የሚወርደውን ወንዝ ተሻግሮ ከብት ሊመልስ ይላካል። በመንደሩ ሰማዩ ጠርቷል፤ ዝናቡ የጣለው ላይ ደጋው ነው። እግሩ ከውኃው እንደገባ ደራሽ መጥቶ ይወስደዋል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ድልድይ ነበር፤ ከአምና ጀምሮ ግማሹ ፈርሷል፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ነገ ይሠራል ብሏል።

በዚህ ሞት ውስጥ የተደራረቡትን ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። ውኃው ከላይ ወደ ታች መውረዱ ክፋት የለበትም፤ ያው ዝናብ ጤፉን ያበቅላል፣ ወንዙም ባይወርድ አገሩ አይኖርም። ይህ የፍጥረት ሥርዓት ነው፤ እግዚአብሔር ወዶ ሠርቶታል። የድልድዩ ፈርሶ መቅረት ቸልተኝነት ነው፤ እግዚአብሔር አይወደውም፣ ግን እጃችንን ይዞ አላሠራንም፤ እዚህ ላይ ያለው ኀደገ የሚለው ነው። የልጁ ሞት ደግሞ ከሁለቱ መገናኘት መጣ፤ ልጁ የከፈለው የራሱ ዕዳ አልነበረም። አሁን «እግዚአብሔር ፈቅዶ ነው» የሚለውን በዚህ ላይ እንሞክረው። ፈቀደን አውጥተን ወደደን እናስገባ፦ «እግዚአብሔር ልጅሽ እንዲሰጥም ወዶ ነው።» ይህን ለእናቲቱ ፊት ለፊት መናገር ካልቻልን መጀመሪያ የተናገርነውም መፈተሽ ነበረበት።

ቃሉ ሲደባለቅ የሚከተለውም ይታያል። ድልድዩ በሚቀጥለው ክረምትም እንደ ፈረሰ ይቆያል፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ለሆነ ነገር ማን እንጨት ይቆርጣል? እናቲቱ ደግሞ ሌሊት ተነሥታ የትኛው ኃጢአቴ ነው እያለች ያለፈውን ሁሉ ትቆጥራለች። መከራ ከኃጢአት ጋር ፈጽሞ አይገናኝም ማለት አይደለም። በዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት የሚነበበውን መጻጉዕን፣ 38 ዓመት የተኛውን፣ ጌታ ከፈወሰው በኋላ ደግመህ አትበድል ብሎታል። ዕውር ሆኖ በተወለደው ሰው ላይ ግን ደቀ መዛሙርቱ እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ የበደሉ ብለው ሲጠይቁ፣ ሁለቱም አይደሉም አላቸው። ሁለቱ ታሪኮች ያሉት በአንድ ወንጌል፣ በዮሐንስ ምዕራፍ 5 እና 9 ነው። አንዱን ወስዶ ሌላውን የሚተው ሰባኪ ግማሽ ወንጌል ይዟል። የትኛው ሕመም ከየትኛው እንደሆነ ያወቀም ጌታ ነው እንጂ በዙሪያው የቆሙት አልነበሩም።

ቀሪው ጥያቄ፣ ይህን አንድ ደራሽ ለምን አላቆመውም የሚለው፣ መልስ አልተሰጠበትም። መጽሐፈ ኢዮብ 42 ምዕራፍ ሙሉ እዚህ ላይ ይቆማል። ኢዮብን በትዕግሥቱ ብቻ የሚያውቁት ምዕራፍ 3 ላይ የተወለደበትን ቀን ሲረግም አላነበቡትም። ሰይጣን የተለቀቀው በልክ ነው፤ መጀመሪያ በአካሉ ላይ እጁን እንዳይዘረጋ፣ ቀጥሎም ሕይወቱን እንዳይነካ ተከልክሏል። መተው ማለት ልጓሙን መጣል እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። ኢዮብ ግን ይህን ሁሉ እስከ መጨረሻው አልተነገረውም። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መጀመሪያ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው እግዚአብሔር ጻድቅ ስለሆነ አንተ በድለህ መሆን አለበት ማለት ሲጀምሩ ነው። በፍጻሜው እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነው። ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ሄደው ኢዮብ እንዲጸልይላቸው ታዘዙ። እግዚአብሔርን ደግፈው የተናገሩ ሰዎች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ለመከራ ፈቃድ የሚለው ቃል በሙሉ ትርጉሙ፣ በውዴታ፣ የሚነገርበት ቦታ ግን አለ። በቅዳሴ ሐዋርያት «በፈቃዱ ለሕማም ተሰጠ» ይባላል። የወደደው የራሱን ሕማም ነው፤ የሌላውን አይደለም።

ልቅሶ ቤት የሚባለውም ከጥንት የተሰናዳ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ «ነፍስ ይማር»። ሁለቱም በሰዋስው ልመና ናቸው፤ ያጽናችሁ፣ ይማር። «ፈቅዶ ነው» ግን ምስክርነት ነው፤ የሚናገረው ሰው የእግዚአብሔርን ልብ አይቶ የመጣ መሆን ይጠበቅበታል።