የጎደለ ዳታ አያያዝ፦ መሰረዝ፣ በአማካይ መሙላት እና የመጉደሉ ምክንያት (ከጅማ ምሳሌ ጋር)

የጎደለ ዳታ የሚባለው መሞላት የነበረበት ግን ባዶ የቀረ ቦታ ነው። ኤክሴል ላይ ባዶ ሴል ይሆናል፣ አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ደግሞ `NA` ይላል። አንዳንዴ እንደውም ባዶ አይመስልም፦ ዲኤችኤስ በሚባለው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዳታ ላይ ያልተመዘነ ህፃን የልደት ክብደቱ በግራም በሚጻፍበት ቦታ `9996` ተብሎ ነው የሚገባው፣ እናትየው የማታውቅ ከሆነ `9998`። ይሄን ሳያይ አማካይ ያወጣ ሰው አስር ኪሎ የሚጠጉ ህፃናት ይዞ ይቀመጣል፣ ይሄኛው ስህተት ግን ጥሩነቱ ቶሎ ይታያል። የማይታየው ባዶውን ካወቁ በኋላ የሚሰራው ነው።

ጅማ ላይ ጉዳዩ ቶሎ ቶሎ የሚነሳበት ምክንያት አለው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ሲመሰረት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን ይዞ ነው የመጣው፣ ተማሪው ሲቢቲፒ በሚባለው የማኅበረሰብ ልምምድ ፕሮግራም ቀበሌ ወርዶ ቤት ለቤት ይጠይቃል። ስለዚህ የጅማ ልጅ ዳታውን ከኢንተርኔት አውርዶ ሳይሆን ጭቃ ረግጦ ነው የሚያመጣው፣ የትኛው ቤት ለምን እንዳልሞላም ብዙ ጊዜ ያውቃል። ችግሩ እውቀቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ይቀርና ፎርሙ ላይ አይጻፍም።

ስለ ታሪኩ፦ ባዶውን በአማካይ የመሙላት ሀሳብ ቢያንስ እስከ ሳሙኤል ዊልክስ የ1932 ጽሁፍ ድረስ ይሄዳል። ዋናው ለውጥ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1976 ዶናልድ ሩቢን ባዮሜትሪካ የተባለ የስታቲስቲክስ መጽሔት ላይ ባወጣው ስራ ነው። ከዛ በፊት ጥያቄው “በምን እንሙላው” ነበር፣ ሩቢን “መጀመሪያ ለምን ጎደለ” አለ፣ መጉደሉንም ራሱን እንደ አንድ ተለዋዋጭ ቆጥሮ ሰራበት። ከዛ የወጡት ሦስት ዓይነቶች ዛሬም ይሰራባቸዋል። አንደኛው በንጹህ አጋጣሚ የጎደለ ነው (ኤምካር)፣ ለምሳሌ የሚዛኑ ባትሪ አንድ ቀን ካለቀና ያ ቀን ከሌላው ቀን ካልተለየ። ሁለተኛው ዳታው ላይ ባለ ሌላ ነገር የሚገለጽ ነው (ማር)። ሦስተኛው የጎደለው ቁጥር ራሱ ነው እንዲጎድል ያደረገው (ኤምናር)።

አሁን ወደ ምሳሌው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተፈጠሩ ናቸው፣ ሁኔታው ግን ቀበሌ የወረደ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አስር ህፃናት አሉ፣ ስድስቱ ጤና ጣቢያ ተወልደው ተመዝነዋል፦ 3.5፣ 3.3፣ 3.2፣ 3.2፣ 3.0 እና 2.4 ኪሎ። አራቱ ቤት ስለተወለዱ ክብደታቸው የለም። ከ2.5 ኪሎ በታች የሆነ ዝቅተኛ የልደት ክብደት ይባላል፣ እኛም የምንፈልገው አማካዩንና ይሄን በመቶኛ ነው።

አራቱን ሰርዘን ብንሰራ አማካዩ 3.1 ኪሎ ይመጣል፣ ዝቅተኛ ክብደት ያለው ከስድስት አንድ፣ ማለትም 17 በመቶ ገደማ። በአማካይ ብንሞላስ፦

```r
d$kg2 <- ifelse(is.na(d$kg), mean(d$kg, na.rm = TRUE), d$kg)
```

አማካዩ ያው 3.1 ነው፣ ምንም አልተቀየረም፣ ዝቅተኛ ክብደቱ ግን ከአስር አንድ ሆነና ወደ 10 በመቶ ወረደ፣ ምክንያቱም አራቱም ህፃናት 3.1 ተሰጥቷቸው ጤነኛ ክብደት ያላቸው ተብለው ተቆጠሩ። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ከ0.38 ወደ 0.28 ጠበበ፣ የአማካዩ ስታንዳርድ ኤረር ደግሞ ከ0.155 ወደ 0.089 ወረደ። አንድም ህፃን ተጨማሪ ሳይመዘን እርግጠኝነታችን በእጥፍ ሊጨምር ምንም አልቀረውም ማለት ነው፣ ይሄ ደግሞ ውሸት ነው። ከእናት እድሜ ወይም ከገቢ ጋር ያለው ዝምድናም በዛው ልክ ይደክማል፣ ምክንያቱም እናትየው ማንም ትሁን ማን 3.1 ነው የሚሰጣት። ይሄ መጥበብ ባዶው በንጹህ አጋጣሚ የመጣ ቢሆን እንኳን አይቀርም፣ ስለዚህ በአማካይ መሙላት ከመሰረዝም የባሰ ነው ብንል ብዙ አላጋነንንም።

እንበልና አራቱን ማወቅ ቢቻል 2.9፣ 2.6፣ 2.4 እና 2.3 ነበሩ። እውነተኛው አማካይ 2.88 ነው፣ ዝቅተኛ ክብደት ደግሞ ከአስር ሦስት፣ 30 በመቶ። መሰረዝ 17 አለ፣ መሙላት 10 አለ። ሁለቱም የሳቱት ሂሳብ ስለማይችሉ ሳይሆን ቤት የሚወልዱት ከሌላው እናት የተለዩ ስለሆኑ ነው፦ ራቅ ያለ ቀበሌ፣ መንገድ የሌለው፣ የእርግዝና ክትትል ያነሰ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው “እሺ፣ የወለደችበትን ቦታ ሞዴል ውስጥ ላስገባ” ይላል። ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ግን ቤት ከተወለዱት አንድም የተመዘነ ከሌለ ሞዴሉ ስለነሱ የሚማርበት ነገር የለውም። ለዚህ ነው ዲኤችኤስ እናትየዋን ህፃኑ ሲወለድ ትልቅ ነበር ወይስ ትንሽ ብሎ የሚጠይቀው፣ ይሄ መልስ ላልተመዘኑትም ይገኛል። በቂ ናሙና ካለ በሱና በሌሎቹ ተለዋዋጮች ብዙ ጊዜ የመሙላት ዘዴን (መልቲፕል ኢምፒዩቴሽን) መስራት ይቻላል፣ እዛ ላይ አንድ ባዶ በአንድ ቁጥር ሳይሆን በተለያዩ ቁጥሮች ደጋግሞ ይሞላና አለማወቃችንም ውጤቱ ላይ ይታያል። ጤና ኤክስቴንሽኗ ከቀናት በኋላ የመዘነችውን እንደ ልደት ክብደት መውሰድ ግን አይሆንም፣ ህፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ይቀንሳል። ደግሞም ያለጊዜው ተወልዶ ወዲያው የሞተ ህፃን ብዙ ጊዜ ሳይመዘን ነው የሚቀረው፣ ያ ሦስተኛው ዓይነት ነው፣ የትኛውም ሶፍትዌር ከዳታው ብቻ አይቶ አያወጣውም።

በአጋጣሚ የሚመስለው ሁሉ አጋጣሚ አይደለም። ክረምት ላይ ፎርም ዝናብ መታው ሲባል ዝም ብሎ እድል ይመስላል፣ ግን የሚበሰብሰው በእግር ረጅም መንገድ የተሄደበት ቀበሌ ፎርም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሰራው ባዶና ባዶ ያልሆነውን ማወዳደር ነው፦

```r
d$miss <- is.na(d$kg)
table(d$miss, d$kebele)
```

ባዶው አንዳንድ ቀበሌ ላይ ከተከመረ የመጀመሪያው ዓይነት አይደለም። ባይከመርም ግን የመጀመሪያው ዓይነት ነው ማለት አይደለም። ሮድሪክ ሊትል የተባለ ስታቲስቲሺያን እ.ኤ.አ. በ1988 የመጀመሪያውን ዓይነት ለመፈተሽ ያወጣው ፈተናም እዚሁ ድረስ ነው የሚሄደው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው አይለይም።

“ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ችግር የለውም” የሚለው ነገር ቴሲስ ላይ በብዛት ይጻፋል። አንዳንዶች 10 ይላሉ። ባዶው ጥቂት ሲሆን ጉዳቱ ማነሱ እውነት ነው፣ ግን መቶኛው ብቻውን አይበቃም፣ ሃያ ተለዋዋጭ እያንዳንዱ 5 በመቶ ቢጎድለው እና መጉደላቸው ባይያያዝ ሙሉ ሆኖ የሚቀረው 36 በመቶ ሰው ብቻ ነው። ኤስፒኤስኤስ ሪግሬሽን ላይ ዝም ካሉት `Exclude cases listwise` ብሎ አንድም ባዶ ያለበትን ሰው ይጥለዋል፣ ከጎኑ ያለው `Replace with mean` ደግሞ ከላይ ያየነው ነው።

መሰረዝ የሚያዋጣበትም አለ። ባዶነቱ የተመሰረተው ሞዴሉ ውስጥ በገቡት ማብራሪያ ተለዋዋጮች ላይ ብቻ ከሆነና ከውጤቱ ጋር ሌላ ግንኙነት ከሌለው የሪግሬሽኑ ኮፊሸንት አይዛባም፣ ናሙናው ግን ያንሳል። የመቶኛ ስሌት ላይ ይሄ አይሰራም፣ የኛ ምሳሌ እዛ ነው ያለው።

ምንም መረጃ ከሌለ ቢያንስ ወሰኑን መስጠት ይቻላል። ከአራቱ አንድም ዝቅተኛ ካልሆነ 10 በመቶ፣ አራቱም ከሆኑ 50 በመቶ። ሰፊ ነው፣ ያስቆጣል፣ ግን ቤት ስለተወለዱት ምንም ሳንገምት ከነዚህ አስር ፎርሞች የሚወጣው ይሄው ነው። ወሰኑን ለማጥበብ የሚረዳው ፎርሙ ላይ ከክብደቱ አጠገብ “ያልተመዘነበት ምክንያት” የሚል ሳጥን ጨምሮ ቤት የተወለደ፣ ሚዛን የሌለ፣ የሞተ፣ እናት የማታስታውስ ብሎ እዛው ደጃፉ ላይ ምልክት ማድረግ ነው።